የዘገየ ደመወዝና ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት፦ ለፋይናንስ ክፍል የሚጻፈው ደብዳቤ

የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛው ደብዳቤያችንን አንብቦ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞር የትኛውን ቁጥር የት እንደሚያስገባ ካላወቀ፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ኮምቦልቻ ባሉ ፋብሪካዎች የደመወዝ ዝርዝር ሲዘጋጅ ቅርብ ሆኜ ስላየሁት ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። «ደመወዜ ዘግይቷል፣ ኦቨርታይሜም አልተከፈለኝም፣ እባካችሁ ይታይልኝ» የሚል ደብዳቤ አክብሮት አለው፤ የሚሠራበት ነገር ግን የለውም። ስንት ብር? የየትኛው ቀን? በማን ትእዛዝ? እነዚህን ለመመለስ ሌላ ሰው መጠየቅ ካስፈለገ ሥራው ለነገ ይባላል፤ ነገ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ይደርሳል።

አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልሂድበት። ሠራተኛው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እየኖረ በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ይሠራል። መሠረታዊ ደመወዙ በወር 10,400 ብር ነው። የሥራ ውሉ «ደመወዝ በየወሩ በ30ኛው ቀን ይከፈላል» ይላል። የጥቅምት 2018 ደመወዙ አልገባም። በዚያው ወር የሠራው 14 ሰዓት ትርፍ ሰዓትም አልተከፈለውም። የሚሠራው በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ነው፤ ይህም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 61 ከፍተኛ ብሎ ያስቀመጠው የ48 ሰዓት ሳምንት ነው።

ከሁሉ በፊት ማጣራት የሚገባው ደመወዙ መከፈል የነበረበትን ትክክለኛ ቀን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2018 እሑድ ዋለ። አዋጁ የክፍያ ቀን እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ሲውል ክፍያው ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን እንዲፈጸም ያዛል። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ነበር። የአንድ ቀን ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ትክክል ከሆነ አንባቢው ሌላውንም ቁጥር ለማመን ዝግጁ ይሆናል። ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በአንቀጽ 68 መሠረት ለደመወዝ በተወሰነው ቀን የሚከፈል ነው እንጂ «በሌላ ጊዜ ይታሰባል» የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ የሰዓት ሂሳቡ ይመጣል። ክርክር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ደመወዝ ለማግኘት ወርኃዊውን ደመወዝ ለ208 ማካፈል ነው። 208 ከየት መጣ ለሚል፦ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ይሰጣል። 10,400 ለ208 ሲካፈል በሰዓት ልክ 50 ብር ነው። አንዳንድ የደመወዝ ክፍሎች ወሩን 30 ቀን አድርገው በ8 ያባዙና ለ240 ያካፍላሉ። ያ የእረፍት ቀኖችን እንደ ሥራ ሰዓት መቁጠር ስለሆነ የሰዓት ክፍያውን ወደ 43 ብር ከ33 ሳንቲም ያወርደዋል። በምሳሌያችን ሠራተኛ ላይ ልዩነቱ 158 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። በደብዳቤው ውስጥ «ለ208 ተካፍሎ» የሚሉትን ሁለት ቃላት መጻፍ ይህን ክርክር ገና ሳይነሣ ያስቀረዋል።

የትርፍ ሰዓት ማባዣዎቹ አራት ናቸው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ በ1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን የተሠራ በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ በ2.5 ይባዛል። በቀድሞው አዋጅ የቀኑ 1.25፣ የሌሊቱ 1.5 ነበር፤ የኤክሴል ቅጻቸውን ሳያድሱ በአሮጌው የሚያሰሉ ድርጅቶች አሁንም ስለማይጠፉ የተከፈላችሁ ሲያንስ መጀመሪያ ይህንን ፈትሹ። ሥራው ምሽት 4 ሰዓትን አቋርጦ ከሄደ ደግሞ ሰዓቱ በሁለት ተለይቶ ይሰላል፦ እስከ 4 ሰዓት ያለው በ1.5፣ ከዚያ በኋላ ያለው በ1.75።

ሠራተኛችን በጥቅምት የሠራው እንዲህ ነው። ሐሙስ ጥቅምት 6 የቀን ፈረቃው 11 ሰዓት ላይ ካለቀ በኋላ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆየ፤ 3 ሰዓት በ1.5፣ 225 ብር። ማክሰኞ ጥቅምት 11 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፤ 4 ሰዓት በ1.5፣ 300 ብር። እሑድ ጥቅምት 16 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፤ 4 ሰዓት በ2፣ 400 ብር። ዓርብ ጥቅምት 21 የከሰዓት ፈረቃው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሲያልቅ የቀረ የሌሊት ሠራተኛ ተክቶ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሠራ፤ 3 ሰዓት በ1.75፣ 262 ብር ከ50። ድምሩ 14 ሰዓት፣ 1,187 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አንቀጽ 67 ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚገድብ ከዚህ ወሰን ያለፈ ቁጥር በደብዳቤ ሲቀርብ ወዲያው ጥያቄ ያስነሣል። እውነት ከሠራችሁት ግን አትደብቁት፤ ማን እንዳዘዛችሁ ጨምራችሁ ጻፉት። ወሰኑ አሠሪው ከዚያ በላይ እንዳያዝ የተደረገ ነው፤ ያዘዘውንና ያሠራውን ሰዓት እንዳይከፍል ምክንያት አይሆነውም።

አሁን ሰዓቱ ለምን እንደሚጠፋ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ ማንም ሆን ብሎ አላጠፋውም። የጣት አሻራ ማሽኑ የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የፈረቃ ኃላፊው የሚሞላው የትርፍ ሰዓት ቅጽ ደግሞ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ «ጥቅምት 6፣ 11:00–2:00» ተብሎ ተጽፎ ማሽኑ ላይ ኦክቶበር 16፣ 17:00–20:00 ሲገኝ፣ የሰው ሀብት ሠራተኛው ሁለቱን ማገናኘት ካልቻለ «አልተረጋገጠም» ብሎ ያልፈዋል። የዓርቡ ሌሊት የባሰ ነው። መውጫው የተመዘገበው በማግስቱ፣ ማለትም ኖቬምበር 1 በ01:00 ስለሆነ ማሽኑ በኦክቶበር 31 መግቢያ ያለው መውጫ የሌለው፣ በኖቬምበር 1 ደግሞ መውጫ ያለው መግቢያ የሌለው ቀን ያሳያል። እንዲህ ያለ ነጠላ መዝገብ በማጠቃለያው ውስጥ በራሱ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ በደብዳቤው ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱንም ቀን፣ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ይህን ያደረገ ሰው ጥያቄው ግማሽ መንገድ ሄዶለታል ማለት ይቻላል።

ሌላው የተለመደ ምክንያት የመዝጊያ ቀን ነው። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ እንዲደርስ የሰዓት ዝርዝር ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ከመዝጊያው በኋላ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። የድርጅታችሁ መዝጊያ ስንት ቀን እንደሆነ ከሰው ሀብት ጠይቁ። የምሳሌያችን ሠራተኛ ድርጅት ዝርዝሩን በ24 የሚዘጋ ቢሆን እንኳን አራቱም ቀኖች ከዚያ በፊት ስለሆኑ «ወደ ኅዳር ዞሮ ነው» የሚል መልስ አይሠራበትም። በ27 የሠራ ሰው ግን መጀመሪያ የኅዳርን ዝርዝር ቢያይ ይሻለዋል።

ፋይናንስ ክፍል ሰዓት አያጸድቅም። የጸደቀ ሰዓት ከሰው ሀብት ሲመጣለት ብቻ ወደ ብር ይለውጣል። ደብዳቤው ለፋይናንስ ብቻ ከሄደ «ከሰው ሀብት የደረሰን የለም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ለሰው ሀብት ብቻ ከሄደ ደግሞ የዘገየው ደመወዝ ጉዳይ ባለቤት ያጣል። አድራሻው ለፋይናንስ፣ ግልባጩ ለሰው ሀብት ሆኖ የትርፍ ሰዓት ቅጹ ኮፒ ተያይዞ ይሂድ። ሠራተኛ ማኅበር ካለ ለእሱም ግልባጭ ማድረግ ተገቢ ነው። ለሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ደብዳቤ ግልባጭ ባይደረግ እመርጣለሁ፤ ኃላፊው ራሱ የሚያስተካክለውን ነገር በላይ አለቃው ፊት ማውጣት ሰውየውን ወደ መከላከል ይገፋዋል። ለሁለተኛው ደብዳቤ የሚቆይ ነገር ይኑር።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ሁለቱን ጥያቄዎች መነጣጠል ነው። ደመወዙ ክርክር የለበትም፤ መጠኑ በውል ተጽፏል፣ ቀኑ አልፏል። ትርፍ ሰዓቱ ግን መረጋገጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ ድምር 11,587 ብር ከ50 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ «ሰዓቱ እስኪጣራ ድረስ» ተብሎ ሁሉም አብሮ ይያዛል። ለየብቻ ተጽፈው፣ የየራሳቸው ቀን ሲሰጣቸው ግን ሰዓቱ እየተጣራ ደመወዙ መውጣት ይችላል።

ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ…………… ኃ/የተ/የግ/ማኅበር
ፋይናንስ ክፍል
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ የጥቅምት 2018 ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲፈጸምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ በድርጅቱ በመታወቂያ ቁጥር …… በማሽን ኦፕሬተርነት የምሠራ ስሆን መሠረታዊ ደመወዜ በወር ብር 10,400 ነው።

1. የጥቅምት ወር ደመወዜ በሥራ ውሌ አንቀጽ …… መሠረት በወሩ 30ኛ ቀን መከፈል የነበረበት ሲሆን ቀኑ እሑድ በመዋሉ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን ሊከፈለኝ ይገባ ነበር። ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ 9 ቀን አልፎ ወደ ባንክ ሂሳቤ አልገባም። የሂሳብ መግለጫዬን አያይዤአለሁ። ደመወዜ እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ድረስ እንዲገባልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

2. በዚሁ ወር በፈረቃ ኃላፊዬ ትእዛዝ የሠራሁት ትርፍ ሰዓት አልተከፈለኝም። የሰዓት ክፍያዬ 10,400 ለ208 ተካፍሎ ብር 50 ሲሆን ዝርዝሩ የሚከተለው ነው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ (ኦክቶበር 16)፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት (17:00–20:00)፣ 3 ሰዓት × 50 × 1.5 = 225.00
ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ (ኦክቶበር 21)፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት (17:00–21:00)፣ 4 ሰዓት × 50 × 1.5 = 300.00
ጥቅምት 16፣ እሑድ (ኦክቶበር 26)፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት (08:00–12:00)፣ 4 ሰዓት × 50 × 2 = 400.00
ጥቅምት 21፣ ዓርብ (ኦክቶበር 31)፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት (22:00–01:00፣ መውጫው በኖቬምበር 1 የተመዘገበ)፣ 3 ሰዓት × 50 × 1.75 = 262.50
ድምር፦ 14 ሰዓት፣ ብር 1,187.50 (ግብር ከመቀነሱ በፊት)

ስሌቱ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 68 መሠረት የተሠራ ነው። የሰው ሀብት ክፍል ሰዓቱን አረጋግጦ ክፍያው ከኅዳር ወር ደመወዝ ጋር ኅዳር 30 ቀን 2018 እንዲፈጸምልኝ፣ በስሌቱ ላይ ልዩነት ካለ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

የድርጅቱ የገንዘብ ሁኔታ በተጠቀሱት ቀናት ለመክፈል የማያስችል ከሆነ የሚከፈለኝ መጠንና የሚከፈልበት ቀን ተጠቅሶ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

አባሪ፦ የትርፍ ሰዓት ቅጽ ኮፒ 4 ገጽ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል

ደብዳቤው ውስጥ የሌሉት ነገሮች የቀሩት ታስቦበት ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የታመመ ወላጅ አልተጠቀሱም። እነዚህ እውነትና ከባድ ናቸው፤ ነገር ግን በደብዳቤው ውስጥ ሲገቡ የተሠራበትን ገንዘብ መጠየቅ እርዳታ ወይም የደመወዝ ብድር መጠየቅ ያስመስሉታል፤ መልሱም «የደመወዝ ብድር ቅጽ ሙላ» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «በትሕትና እማጸናለሁ» ከማለት «በአክብሮት እጠይቃለሁ» ማለት ያው ጨዋነት ነው፤ የሚጠየቀው ግን መብት እንደሆነ ያሳያል። በሌላው ጫፍ ደግሞ «አለዚያ ወደ ሕግ እሄዳለሁ» የሚል ዛቻ የለም። የአንቀጹ ቁጥርና ቀነ ገደቡ ያንን ራሳቸው ይናገራሉ።

የትራንስፖርት ወጪም የለበትም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ታክሲ ስለማይገኝ ሠራተኛው ለኮንትራት መኪና ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ይህ በውል ወይም በኅብረት ስምምነት ከተገባለት ራሱን ችሎ ይጠየቅ፤ ከትርፍ ሰዓት ሠንጠረዥ ጋር ሲቀላቀል ግን ንጹሑን ሂሳብ ያበላሸዋል።

«ግብር ከመቀነሱ በፊት» የሚለው ሐረግ ኋላ የሚመጣ ቅሬታ ያስቀራል። ትርፍ ሰዓት የሥራ ግብር ይከፈልበታል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሰንጠረዥ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር ያለው ገቢ 30 በመቶ ስለሚቆረጥበት፣ 10,400 ደመወዝ ላይ የሚጨመረው 1,187.50 ብር ወደ እጅ ሲደርስ 831 ብር ከ25 ይሆናል። የጎደለው 356 ብር ከ25 ስሕተት አይደለም። የጡረታ 7 በመቶ ግን የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ከትርፍ ሰዓቱ ላይም ጡረታ ተቆርጦ ካያችሁ ጠይቁ። ክፍያው ከኅዳር ደመወዝ ጋር ሲመጣ የጥቅምት ትርፍ ሰዓት በራሱ መስመር ተለይቶ እንዲታይ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ አለዚያ የትኛው ወር እንደተከፈለ በኋላ መለየት ይቸግራል።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት በእጃችሁ ይቀራል። ለኃላፊው በእጅ ሰጥቶ መውጣት፣ በቴሌግራም ፎቶ መላክ፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እንደ ገቢ አይቆጠርም። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ልካችሁ ደረሰኙን ያዙ። ቅጽ ያልተሞላለት፣ በቃል ብቻ የታዘዘ ትርፍ ሰዓት ካለ ደግሞ የጥበቃ መውጫ መዝገብ፣ የማሽን የምርት መዝገብና አብረው የነበሩ ሠራተኞች ስም ማስረጃ ይሆናሉ። የጥበቃ መዝገብ ደብተር ሲሞላ ስለሚቀየርና የድሮው የሚገኝበት ስለሚጠፋ ቀኑ ሳይርቅ ጥያቄውን ማቅረብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበትን ነገር ረጋ ብዬ ልጻፍ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉ ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሠራተኛችን ጥያቄ ጥቅምት 29 ስለጀመረ ሚያዝያ 29 ቀን 2018 ላይ ይዘጋል። ለድርጅቱ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ማኅተም ቢያርፍበትም፣ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ጉዳዩን ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳው እንዳለበት በግልጽ ማመኑ ነው። የደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ መጠንና ቀን በጽሑፍ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። «የጥቅምት 14 ሰዓት ትርፍ ሰዓት፣ ብር 1,187.50፣ በታኅሣሥ ደመወዝ ይከፈላል» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ዕዳውን በግልጽ ማመን ነው። «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል ግን ምንም አላመነም። «በጀት ሲለቀቅ ይከፈላል» የሚለው መሐል ላይ ነው፤ ዕዳውን ይቀበላል፣ መጠኑን ግን ክፍት ይተዋል። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ በአክብሮት ተመልሶ «መጠኑ በማመልከቻዬ የገለጽኩት 1,187.50 መሆኑ እንዲጠቀስልኝ» የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ መጻፍ ይገባል።

ኅዳር 15 ያለ መልስ ካለፈ ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነው፦ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥርና ቀን ይጠቅሳል፣ ሁለቱን መጠኖች ይደግማል፣ አዲስ ቀን ይሰጣል፣ አሁን ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ያደርጋል። ከዚያ በኋላም ዝምታ ከሆነ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ቅሬታ ማቅረብ ወይም መክሰስ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 በግልጽ ይናገራል። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ወር ለውስጥ ደብዳቤ መስጠት ይበቃል፤ ሚያዝያን መጠበቅ አደገኛ ነው።

አንድ የተሳሳተ ወሬም አለ፦ «ደመወዝ ካዘገዩ የሦስት ወር ደመወዝ ቅጣት ይከፍሉሃል» የሚለው። እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርሰው ክፍያ የሥራ ውል ከተቋረጠ በኋላ አሠሪው የሚገባውን ገንዘብ በጊዜው ላልከፈለው ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሊወስንለት የሚችል ነው። በሥራ ላይ ሆኖ የዘገየ ወርኃዊ ደመወዝን አይመለከትም። ይህን ደብዳቤ ውስጥ ያስገባ ሰው ሕጉን እንዳላነበበ ያሳይና ትክክል የሆነውን ሂሳቡንም ያስጠረጥራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የሥራ መሪ የሆኑ ሰዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ለእነሱ ማባዣዎቹንና የ6 ወሩን ገደብ መጥቀስ አይሠራም።

ክፍያው በከፊል ሲመጣ፣ ማለትም ደመወዙ ገብቶ ትርፍ ሰዓቱ ሲቀር፣ ደመወዝ መክፈያው ላይ ለመፈረም አትፍሩ። ሳይቃወሙ ፈርሞ መቀበል ቀሪውን መብት እንደመተው አይቆጠርም። ያም ሆኖ ከፊርማው አጠገብ «የጥቅምት ትርፍ ሰዓት ሳይጨምር» ብሎ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። መፈረም የማይገባው «ከድርጅቱ የምፈልገው ምንም ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚለው ወረቀት ነው። ይህ አንዳንዴ ከደመወዝ ዝርዝሩ ሥር ይመጣልና ከመፈረማችሁ በፊት ገጹን ገልጣችሁ እዩ።

ብዙ ሠራተኛ በአንድ ላይ ደመወዝ ሲዘገይበት በአንድ ወረቀት ላይ ሠላሳ ፊርማ ማሰባሰብ የተለመደ ነው። ለደመወዙ ይሠራል። ለትርፍ ሰዓቱ ግን የእያንዳንዱ ሰው ቀንና ሰዓት ስለሚለያይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሠንጠረዥ ከጋራው ደብዳቤ ጋር አያይዞ፣ በየገጹ ፈርሞ ያቅርብ።